በጀት ሲያንስ ለሱቅ ሶላር እንዴት ይገጠማል? ከገንዘቡ ተነስቶ ማስላት

ለሱቁ ሶላር ሊገዛ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሚፈልገው ነገር ነው። መብራት፣ ስልክ ቻርጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ብሎ ይዘረዝራል። ሻጩ ደምሮ ዋጋውን ይነግረዋል። ዋጋው ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ከዚያ ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ ወይ ከሁሉም ቀነስ ቀነስ አድርጎ ይገዛል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፓነሉና ባትሪው ያንሳሉ፣ የሚሰካው ዕቃ ግን ያው ነው። ባትሪው በየቀኑ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል።

ገንዘቡ የተወሰነ ከሆነ ስሌቱን ገልብጡት። መጀመሪያ በእጃችሁ ያለው ብር በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጣችሁ እወቁ። ከዚያ ያንን ኃይል ለዕቃዎቻችሁ በቅደም ተከተል አድሉ። ሲያልቅ አቁሙ። ከዚያ በታች ያለው ዕቃ ተራውን ይጠብቃል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የመብራት መስመር ያልደረሰበት፣ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ያለ አንድ ትንሽ ሱቅ እናስብ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ለስላሳ ይሸጣል። ገበያው የሚደምቀው ሰው ከእርሻ ሲመለስ፣ ማታ ነው። ባለቤቷ መብራት፣ ስልክ ቻርጅ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ትፈልጋለች።

አንደኛ፦ ገንዘቡ ምን ይገዛል?

ወደ ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት ከበጀቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ለብቻው አስቀምጡ። ይህ ለገመድ፣ ለፊውዝ፣ ለማብሪያ ማጥፊያ፣ ለፓነሉ መቆሚያ ብረትና ለሠራተኛ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ፓነልና ባትሪ ላይ ያውልና መጨረሻ ላይ ቀጭን ገመድ ይገዛል። ቀጭን ገመድ ደግሞ የገዛችሁትን ኃይል መንገድ ላይ ይበላዋል።

የምሳሌያችን ባለሱቅ በቀረው ገንዘብ አንድ የ150 ዋት ፓነል፣ አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ እና ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር አንድ የ20 አምፔር ቻርጅ ኮንትሮለር መግዛት ቻለች እንበል። ኮንትሮለሩ ለ150 ዋት ከሚበቃው ከፍ ያለ ነው። ሆን ተብሎ ነው፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ይህ ዕቃ በቀን ስንት ዋት-ሰዓት ይሰጣል? ዋት-ሰዓት ማለት ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ነው። 10 ዋት አምፖል 3 ሰዓት ቢበራ 30 ዋት-ሰዓት በላ ማለት ነው።

የፓነሉ ዋት የሚለካው በጠንካራ ፀሐይ ነው። ቀኑ ረጅም ቢሆንም ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች፣ የቀኑ ብርሃን በሙሉ ተጠራቅሞ የጥቂት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ያህል ብቻ ነው። በበጋ 6 ሰዓት ብላችሁ ማስላት ትችላላችሁ። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲወርድ፣ ከ4 ሰዓት በላይ አትቁጠሩ። ከዚህ ላይ ደግሞ አቧራ፣ ሙቀት፣ ገመድ፣ ኮንትሮለርና ባትሪ ሲሶውን ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ በ0.65 አባዙ።

በክረምት፦ 150 × 4 × 0.65 = 390 ዋት-ሰዓት
በበጋ፦ 150 × 6 × 0.65 = 585 ዋት-ሰዓት

ዕቅዱ የሚሠራው በክረምቱ ቁጥር ነው። በበጋ የሚተርፈው ትርፍ ነው። በበጋው ቁጥር ያቀደ ሱቅ ሐምሌ ላይ ይጨልማል።

ባትሪውንም አብረን እንይ። 12 ቮልት በ100 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። ጄል ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ የምንቆጥረው 600 ብቻ ነው። ይህ ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ይበቃል። ፀሐይ አንድ ቀን ብትጠፋ ሱቁ ያድራል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ይበላል?

ዋቱ ዕቃው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የዋት መለኪያ ብታገኙ ደግሞ ከጽሑፉ የበለጠ ይነግራችኋል። የምሳሌው ሱቅ ዝርዝር ይህን ይመስላል።

ውስጥ ሁለት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 4 ሰዓት ቢበሩ 56፣ በር ላይ አንድ ባለ 5 ዋት 3 ሰዓት ቢበራ 15 ዋት-ሰዓት ነው። ጠቅላላ መብራት 71።

ስልክ ላይ ብክነቱን ጨምራችሁ አንድ ስማርት ስልክ 20፣ ባለቁልፍ ስልክ ደግሞ 6 ዋት-ሰዓት ያህል ይወስዳል ብላችሁ ያዙ። በቀን 8 ስማርትና 5 ባለቁልፍ ስልክ ቻርጅ ቢደረግ 190 ይሆናል።

ሬዲዮ 5 ዋት፣ 6 ሰዓት፣ 30።

ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር 60 ዋት ያህል ነው። ማታ 3 ሰዓት ቢሠራ 180።

እስካሁን 471 ደርሰናል። ያለን 390 ነው። ፍሪጁን ገና አልነካነውም። ተራ የ220 ቮልት ትንሽ ፍሪጅ ብቻውን በቀን ወደ 1,000 ዋት-ሰዓት ሊበላ ይችላል። ከዝርዝሩ በሙሉ በእጥፍ ይበልጣል።

ውኃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ምጣድ ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። 1,500 ዋት የሚስብ ማፍያ ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ125 አምፔር በላይ ይጎትታል። ሻይና ቡና የምትሸጡ ከሆነ ለእሱ ከሰል ወይም ጋዝ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ማን ይቅደም?

እዚህ ላይ ሰው በስሜት ይወስናል። የቴሌቪዥን ፍላጎት ይጎትታል፣ ጎረቤት ፍሪጅ አለው ይባላል። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ይፈታሉ።

የመጀመሪያው፦ ይህ ዕቃ ባይሠራ ሱቁ ይዘጋል ወይ? መብራት ከሌለ የማታው ገበያ የለም። ስለዚህ 71ዱ ዋት-ሰዓት ድርድር ውስጥ አይገባም፤ ከሁሉ በፊት ይቀመጣል።

ሁለተኛው፦ በበላው ልክ ስንት ብር ያመጣል? ዋት-ሰዓቱን እንደ ብር ቁጠሩት። የቴሌቪዥኑ አንድ ሰዓት 60 ዋት-ሰዓት ነው። ያ ማለት የሦስት ስማርት ስልክ ቻርጅ ነው። በሰፈራችሁ ለአንድ ስልክ የሚከፈለውን በሦስት አባዙ። ቴሌቪዥኑ በሚሠራበት ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ከዚያ የበለጠ ትርፍ የሚሰጥ ለስላሳና ብስኩት ይገዛል? ከገዛ ቴሌቪዥኑ ይቅደም። ካልገዛ ስልኩ ይቅደም። ምሳሌው ሱቅ አጠገብ ሌላ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ስለሌለ ስልኩ ሁለተኛ ወጣ። ሬዲዮው ትንሽ ስለሚበላና ቀኑን ሙሉ ሰው ስለሚያቆም ሦስተኛ።

71 + 190 + 30 = 291። የቀረው 99 ነው። በዚህ ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራል። ዜናና ትንሽ ድራማ ማለት ነው።

ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። ባለ 32 ኢንቹ በ220 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ኢንቨርተር ያስፈልገዋል። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት እንኳ ራሱ ይበላል። 12 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር ቀንና ሌሊት ቢተው 288 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል። ይህ መብራቱ፣ ስልኩና ሬዲዮው አንድ ላይ የሚበሉትን ያህል ነው! ብዙ ሱቅ ላይ "ሶላሩ አልበቃኝም" የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 24 ኢንች ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር ወደ 37 ዋት ነው። በዚያው 99 ዋት-ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል። ኢንቨርተሩም ከነዋጋው ቀረ። ስክሪኑ አነሰ፣ ሰዓቱ ግን ጨመረ። በዚህ በጀት እኔ ያለ ምንም ማመንታት ይህን እመርጣለሁ። የባትሪው ቮልት እስከ 14 ከምናምን ስለሚወጣ ግን ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም ያንን የሚችሉ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ካልቻሉ በመካከል የ12 ቮልት ማረጋጊያ ይግባ። ስልኮቹንም በ12 ቮልት በሚሠራ የዩኤስቢ ቻርጀር አድርጉ። አምፖሎቹም የ12 ቮልት ይሁኑ።

ስልኮች ላይ ሌላ ቁጠባ አለ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ቻርጅ ይደረጉ። በዚያ ሰዓት ኃይሉ ከፓነሉ በቀጥታ ስለሚመጣ ባትሪው አይደክምም። ደንበኞች ጠዋት አምጥተው ማታ እንዲወስዱ አስለምዷቸው። ማታ የሚመጣ ስልክ የመብራቱን ድርሻ ይካፈላል።

አራተኛ፦ ሲገዙ የሚያታልሉ ነገሮች

ፓነል ላይ የተለጠፈ ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስፋቱን ለኩ። የ150 ዋት ፓነል አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ብዙም ሳይሰፋ "300 ዋት ነው" ከተባላችሁ አትመኑ።

ባትሪን ደግሞ አንሱት። እውነተኛ 100 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ ከ28 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ እጅ የሚንጠለጠል፣ 18 ኪሎ የሆነ ባትሪ ውስጡ እርሳስ ጎድሎታል። ሊቲየም ከሆነ ግን ቀላል መሆኑ ትክክል ነው። የመኪና ባትሪ አትግዙ፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ ለመውረድ አይደለም።

ሦስተኛው ወጥመድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ትልቅ ፓነል በዋት ሲሰላ ረከስ ስለሚል ይስባል። ነገር ግን ባለ 300 ዋት ፓነል ብዙውን ጊዜ ከ30 ቮልት በላይ ነው የሚሠራው። ርካሹን ኮንትሮለር፣ ፒደብሊውኤም የሚባለውን፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ብታገናኙበት ከ300ው ውስጥ ከግማሽ በላዩ ይጠፋል። ለፒደብሊውኤም የሚስማማው 18 ቮልት ገደማ የሚሠራ፣ 36 ሴል ያለው ፓነል ነው። ትልቁን ፓነል ከወሰዳችሁ የፓነሉን ከፍተኛ ቮልት ሳያባክን ወደ ባትሪው ቮልት የሚያወርድ፣ ኤምፒፒቲ የሚባል ኮንትሮለር ግዴታ ነው፤ እሱ ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ የፓነሉን ዋጋ ከኮንትሮለሩ ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ። ምሳሌው ሱቅ የወሰደው 18 ቮልቱን ከፒደብሊውኤም ጋር ነው።

አምስተኛ፦ አገጣጠም

ፓነሉን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት። የዝናብ ውኃ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ ከዚህ በታች ጠፍጣፋ አታድርጉት። ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት፤ ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ክፍተት ይኑር፣ ነፋስ ካልገባበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያንሳል። ጥላን ፍሩ። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የአንቴና ምሰሶ ጥላ ፓነሉ ጥግ ላይ ብቻ ቢያርፍ የሚቀንሰው ከሸፈነው ቦታ በጣም የበለጠ ነው። በጠዋት፣ በቀትርና በ9 ሰዓት ጣሪያው ላይ ጥላ እንደሌለ አይታችሁ ቦታ ምረጡ።

ከፓነሉ እስከ ኮንትሮለሩ 10 ሜትር ከሆነ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ተጠቀሙ። በ2.5ቱ ገመድ ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ12 ቮልት ሲስተም ይህ ብዙ ነው። ባትሪውን ከኮንትሮለሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በማያገኘው፣ አየር ባለበት ቦታ እንጨት ላይ አስቀምጡ። በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው በጣም ቅርብ፣ የ30 አምፔር ፊውዝ ይግባ። እሱ ከሌለ ገመድ ሲነካካ እሳት ይነሳል።

ሲያገናኙ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓነሉ ነው። ሲነቅሉ ተቃራኒው፦ መጀመሪያ ፓነሉ። ኮንትሮለሩ ባትሪውን ሳያውቅ ፓነል ከደረሰበት ሊበላሽ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ወረፋውን ገመዱ ላይ አሳዩት። ሦስት መስመር አውጡ። አንዱ መብራት ብቻ፣ ሁለተኛው ስልክና ሬዲዮ፣ ሦስተኛው ቴሌቪዥን። ለእያንዳንዱ የራሱ ፊውዝና ማጥፊያ ይኑረው። ሁሉም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ የኃይሉ ወረፋ ወረቀት ላይ ይቀራል። ኃይል ሲያንስ ኮንትሮለሩ ሁሉንም አንድ ላይ ያጠፋል፤ ገበያው የደመቀበት ሰዓት ላይ ጨለማ ይሆናል።

ስድስተኛ፦ የማታ ውሳኔ

ፀሐይ ከገባች በኋላ መብራቱን አብሩና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ወዲያው ካነበባችሁት ቮልቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ ኮንትሮለሩ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ከ12.6 በላይ ከሆነ ቴሌቪዥኑም ይሠራል። ከ12.2 እስከ 12.6 ከሆነ ቴሌቪዥኑን በዚያ ምሽት ተዉት። ከ12.2 በታች ከወረደ ባትሪው ግማሽ ደርሷል፤ ከመብራት በቀር ሁሉም ይጥፋ፣ የበሩ አምፖልም ጭምር። ይህን ቁጥር ለእርሳስና ለጄል ባትሪ ነው የሰጠሁት፤ ለሊቲየም አይሠራም። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ኮንትሮለሩ አጠገብ ለጥፉ፤ እናንተ በሌላችሁበት ሱቁን የሚጠብቅ ልጅም እንዲያውቀው።

ችግር ሲመጣ ምልክቱ ይለያያል። በቀትር ጠራራ ፀሐይ፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ፣ ኮንትሮለሩ የሚያሳየው አምፔር ትንሽ ከሆነ ችግሩ ከላይ ነው፤ ፓነሉ አቧራ ይዟል፣ ጥላ አርፎበታል፣ ወይም ማገናኛው ላልቷል። የ150 ዋቱ በጥሩ ፀሐይ 8 አምፔር አካባቢ ማሳየት አለበት። በተቃራኒው ገና ጠዋት 4 ሰዓት ላይ "ሞላ" ካለና ማታ መብራቱ ቶሎ ከጠፋ፣ ችግሩ ባትሪው ነው፤ የሚይዘው እያነሰ ሄዷል። ይህን ሳይለዩ ሌላ ፓነል የሚገዙ አሉ፤ ያረጀ ባትሪን ፓነል አያድነውም።

ሰባተኛ፦ ፍሪጁስ?

ፍሪጁን ከዝርዝሩ አልሰረዝነውም፣ ወረፋ ላይ ነው። ሱቁ ገንዘብ ሲይዝ ቀጥሎ የሚገዛው ሁለተኛ የ150 ዋት ፓነል ነው። ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይገናኛል። ሁለቱ አብረው 17 አምፔር ገደማ ይሰጣሉ። ያ የ20 አምፔር ኮንትሮለር የተገዛው ለዚህ ነበር፤ አሁን ሌላ አይገዛም። ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛትም አትቸኩሉ፤ አዲስ ባትሪን ካረጀ ጋር ማገናኘት አዲሱንም ይጎዳል።

ፍሪጁ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ኮምፕረሰር ያለው ይሁን። እንዲህ ያለ ትንሽ ፍሪጅ በደጋ አየር በቀን ወደ 400 ዋት-ሰዓት ይበቃዋል። በዚያ ላይ አንድ ሳጥን፣ 24 ጠርሙስ፣ ሞቅ ያለ ለስላሳ ለማቀዝቀዝ 150 ያህል ጨምሩ። በበጋ ሁለቱ ፓነሎች 1,170 ዋት-ሰዓት ይሰጣሉ። መብራቱ፣ ስልኩ፣ ሬዲዮውና የ12 ቮልቱ ቴሌቪዥን 390 ቢወስዱ እንኳ ፍሪጁ ይበቃዋል።

ጠርሙሶቹን ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ክተቱ፤ ማታ አዲስ ሞቅ ያለ አትጨምሩ። ቀን በደንብ የቀዘቀዘ ጠርሙስ የፍሪጁ ክዳን ካልተከፈተ ሌሊቱን ብርዱን ይዞ ያድራል፣ ባትሪውም ያርፋል። ከላይ የሚከፈት ፍሪጅ ብርዱን ስለማያፈስ ከቆመው ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ፍሪጁን አጥፉት። ሐምሌ ላይ በደጋ አገር ቀዝቃዛ ለስላሳ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ፓነሎች ከደመናው ጋር ታግለው የሚያመጡት 780 ዋት-ሰዓት በሙሉ ለመብራት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ይቀራል። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲከፈት መልሳችሁ ሰኩት።